ግልባጭ ለነፍስ አባታቸው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጅጋ ውስጥ ያልተጻፈ ሹመት አለኝ፤ የሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ድርሰት ጻፉ» እያልኩ ያስለቀስኳቸው ልጆች አድገው፣ ነግደው፣ ወልደው ሲያበቁ ድርሰታቸውን ለእኔ መልሰው ያጽፉኛል። ክፍያው ቡና ነው። አንዳንዱ ቡናውንም ይረሳል፤ እስክሪብቶዬን ግን ይዞ መሄድ አይረሳም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከአስፋልቱ ዳር የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት የድሮ ተማሪዬ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ራሷን በሻሽ ጠቅልላለች። የሌላውን ፀጉር ስትሠራ የምትውል ሴት የራሷን የምታስታውሰው በፋሲካ ዋዜማ ነው፣ እሱም ጊዜ ከተረፋት።

«ጋሼ፣ አከራዬ ከመስከረም ጀምሮ 8,500 ክፈይ አሉኝ» አለች። እስከ ዛሬ የምትከፍለው 6,000 ነበር። «ቡሬ ፓርክ ከተሠራ ወዲህ ኪራይ ስንት እንደደረሰ ታውቂያለሽ ወይ? አሉኝ። እኔ ቡሬ ምን አለኝ?»

የእኛ አገር አከራይ ሁልጊዜ ከሌላ ከተማ ነው የሚጠቅሰው። የጅጋው ቡሬን ይጠራል፤ የቡሬው ባሕር ዳርን፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ ቦሌን ይጠራል። የቦሌው ማንን እንደሚጠራ ባላውቅም ዱባይ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ታች የሚጠቅስ አከራይ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። «ደምበጫ እኮ ርካሽ ነው፣ ልቀንስልሽ» ያለ ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ የምስጋና ደብዳቤ በነፃ እጽፍለታለሁ።

ጊዜው ለሷ ክፉ ነው። ሐምሌ ላይ የዓመት ግብሯን ከፍላለች። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ የሚያገባ የለም፣ ገበሬው አረም ላይ ነው፣ መብራቱም ከዝናቡ ጋር ይመጣል ይሄዳል። ካስኩ ራስ የሌለበት ቆብ መስሎ ጥግ ላይ ቆሟል። መስከረም ደግሞ የልጆች ደብተር ይዞ ይመጣል።

ራሷ የሞከረችውን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን ሳነሳ ፊቷ ስድስተኛ ክፍል ሳለች የነበረው ሆነ።

ደብዳቤው «ለተከበሩ አከራዬ» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ወደ ልቅሶ ይገባል። ሥራ የለም፣ ደንበኛ የለም፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከገጠር የሚመጣው ሰው ይቀራል፣ አንዳንድ ቀን ለመብራት እንኳ አይወጣም ይላል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ሰረዝኩት።

«ምነው ጋሼ? እውነት እኮ ነው!»

«እውነትማ ነው። አሁን አንች አከራይ ሁኝ። ተከራይሽ መጥታ 'ገበያዬ ሞቷል' ብትልሽ ምን ትያለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ምን ልትከፍለኝ ነው፣ ሌላ ሰው ልፈልግ እላለሁ።»

ሰው ቅናሽ ሲጠይቅ ድህነቱን ያስቀድማል፤ ለእግዜር እንደሚጸልየው ማለት ነው። አከራይ ግን እግዜር አይደለም፤ ምሕረት ከማሰቡ በፊት የመስከረሙን ብር ያስባል። በድህነት ከሚለምነው ይልቅ በሰዓቱ የሚከፍለው ይወደዳል።

ሁለተኛው አንቀጽ የባሰ ነበር። «ቤትዎን ለማሳመር 36,000 ብር አፍስሼ ሴራሚክ አስነጥፌ፣ የማጠቢያ ገንዳና ቧንቧ አስገብቼ፣ የመብራት መስመር በግድግዳው ውስጥ አስቀብሬ» ይላል። ይህን ስትጽፍ ልቧ ሞልቶ እንደነበር ፊደሉ ይናገራል፤ «አስቀብሬ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። እሱንም ሰረዝኩት። አሁን እንባ መጣ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ትቼ ሒሳብ አስተማርኳት። ካስክ፣ መስታወት፣ ወንበር፣ ፔስትራ፣ ቢጎዲን ሁሉ በጋሪ ተጭነው የሚወጡ ናቸው። ሴራሚኩ፣ ቧንቧውና በግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ግን አይወጡም። ባለፈው መስከረም ገብታ ዘንድሮ ብትወጣ፣ 36,000ው ለ12 ወር ሲካፈል ወሩ 3,000 ይመጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ስትከፍል የኖረችው 6,000 አልነበረም፤ 9,000 ነበር። ሌላ ቤት ብትገባ ደግሞ ሌላ 36,000 ትቀብራለች። እዚሁ ሦስት ዓመት ብትጨምር ግን ያው ገንዘብ ለ48 ወር ይካፈልና ወሩ 750 ብር ብቻ ይሆናል።

«እንግዲህ» አልኳት «7,000 ከፍለሽ ሦስት ዓመት ብትቀመጭ፣ 750ውን ስትደምሪበት 7,750 ነው። ከአምናው 9,000 ያንሳል። ኪራይሽ ጨምሮም ረክሷል ማለት ነው።»

ጣቷን ቆጠረች። ለደንበኛ ሒሳብ ስትሠራ የምትቆጥረው እንዲሁ ነው፤ በሹሩባ ቁጥር። «ስለዚህ ቅናሽ አልጠይቅ?»

«ዓመት ጠይቂ። ቅናሽ ከኪሳቸው ይወጣል፤ ዓመት ግን ከቀን መቁጠሪያ ነው የሚወጣው።»

36,000ው ደብዳቤው ላይ የማይጻፍበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰውየው ያን ቁጥር ሲያዩ «ይህች ልጅ የትም አትሄድም» ብለው ያነባሉ። በግድግዳቸው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ የእሷ ገንዘብ ሆኖ የእሳቸው መያዣ ነው። ጭማሪው በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የመጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የረጅም ጊዜ ውል የሚጠየቀው ግድግዳው ከመፈንቀሉ በፊት ነበር፤ ያኔ ቤቱ ባዶ፣ ብሩ ደግሞ በእጇ ነው። እሷ ግን መጀመሪያ ቧንቧውን ቀበረች፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

ቀጥሎ ሬድዮ የሰማችውን አነሳች። «ጋሼ፣ ኪራይ መጨመር ተከልክሏል፣ ውልም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን እንጥቀስባቸው!»

አዋጁ እውነት አለ፤ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ግን ርእሱ ላይ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ» ይላል። ሰው የሚተኛበትን ቤት እንጂ ሰው የሚሠራበትን አይነካም። የንግድ ቤት እንደ ድሮው በተዋዋዮቹ ስምምነት ነው የሚያድረው።

«እኔ እኮ ከምተኛበት ቤት ይልቅ እዚያ ነው የምኖር» አለች። እውነቷን ነው፤ በሠርግ ሰሞን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ሙሽራ ትሠራለች። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፣ «ፍራሽ ባስገባበትስ?»

«ደንበኛሽ የት ትቀመጥ?»

«ፍራሹ ላይ።»

ይህን ክርክር ለሕግ ምሁራን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ደረስን። ንጹሕ ወረቀት አውጥቼ «ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ውል ስለማራዘም» ብዬ ከላይ ጻፍኩና «በአሁኑ ጊዜ በወር 6,000 ብር እየከፈልኩ» ልል ስል እጄን ያዘችው።

«እሱን አይጻፉት!»

«ለምን?»

«ውሉ ላይ 2,500 ነው የሚለው።»

የቤት ኪራይ ሁለት ስም አለው፤ የክርስትናና የቤት። የክርስትናው ለንግድ ፈቃድና ለገቢዎች የሚቀርበው ነው። የቤቱ ግን በየወሩ በእጅ የሚቆጠረው ነው። አከራዩ ዝቅ አድርገው የሚያጽፉት የኪራይ ገቢ ግብር እንዲቀንስላቸው ነው፤ ተከራይ ደግሞ ቤቱን እንዳታጣ ትፈርማለች። ይህ ጅጋ ብቻ የሚደረግ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት የሆኑበት ውል ብታገኙ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጥ።

ግን የደብዳቤውን ችግር አስቡት። ከ8,500 ወደ 7,000 ዝቅ እንዲል የሚለምን ደብዳቤ፣ ወረቀት ላይ 2,500 ለሆነ ቤት! ደብዳቤው ሰው እጅ ቢገባ ሰውየው ግብር ሰወሩ ይባላል፤ እሳቸውም ወረቀቱን ሲያዩ ልመና ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው የሚመስላቸው። በሌላ በኩል ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚታየው የተጻፈው ነው፤ እሷ ያለ ደረሰኝ በእጇ የቆጠረችው 6,000 የትም አይገኝም። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ታስረዋል፤ አንዱ ቢያወጣው ሌላው ይወድቃል።

ስለዚህ ሕይወቴን ሙሉ ካየኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንግዳ የሆነውን ጻፍን። ቁጥር የሌለበት የኪራይ ደብዳቤ። «ሁለታችን በምናውቀው ዋጋ ላይ»፣ «እርስዎ በቃል በነገሩኝ ልክ»፣ «በዚህ ደብዳቤ ባልተገለጸው መጠን» እያልኩ ስሄድ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሰዋስው አፈረብኝ። ቁጥሮቹን በሌላ ብጣሽ ወረቀት ጻፍናቸው፤ ከተነበበ በኋላ ቡናው ከሰል ውስጥ እንዲገባ ተስማማን።

በብጣሹ ላይ የሰፈረው ክርክር ከአከራዩ ወገን ሆኖ ነው የተሠራው። ከጎኗ ያለው የእሳቸው ክፍል ከሰኔ ጀምሮ ተቆልፎ ሸረሪት ተከራይቶታል። እሷ ብትወጣ ይህኛውም ሁለት ወር ብቻ ቢቆለፍ፣ 8,500 በአሥር ወር 85,000 ነው። እሷ 7,000 ዓመቱን ሙሉ ብትከፍል 84,000 ነው። ልዩነቱ 1,000 ብር ሆነ፤ እሱም የደላላው ነው። ጳጉሜንን አልቆጠርኳትም፤ ማንም በእሷ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

አከራዩ ለሦስት ዓመት አንድ ዋጋ መቀበል እንደሚፈሩም አልጠፋኝም። ፈሪ አይባሉም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን ተሻግሯል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮም ዝም አላለም። «ዋጋ አይጨመርብኝ» የሚል ደብዳቤ ለዚህ ሰው ስድብ ነው። ስለዚህ ጭማሪውን ራሳችን ጻፍነው፤ አንደኛ ዓመት 7,000፣ ሁለተኛ 7,500፣ ሦስተኛ 8,100። ነገ የሚመጣው ጭማሪ ዛሬ ከታወቀ ለእሷ ጭማሪ አይደለም፤ በሹሩባው ዋጋ ላይ ቀስ እያለች ትጥለዋለች። በነሐሴ ዝናብ ውስጥ በድንገት ሲመጣ ነው የሚገድለው።

አንድ ነገር ቀረ፤ የክፍያው ጊዜ። እኔ ይህንን ነጥብ ከሁሉም እወደዋለሁ። ሰውየው ከከተማው ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ የሚዘሩበት መሬት አላቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ የማዳበሪያ ብር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞሩ አይቻቸዋለሁ። የእሷ ብር ደግሞ በሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ባለው ሠርግ፣ ሌላው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ። በመካከል ሃምሳ አምስቱ ቀን ካስኩ አቧራ ይጠጣል። ታዲያ በየወሩ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው «አመጣሽው?» ከሚሏት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በወር በወር ትክፈል። ጥር ሲያልቅ የጥርንና ወደፊት ያሉትን አራት ወሮች፣ 35,000 በአንድ ጊዜ ትስጥ። ግንቦት ሲያልቅ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴን 21,000 ትስጥ። 21,000ው እጃቸው የሚገባው ልክ ማዳበሪያው በሚታደልበት ሳምንት ነው። እሷም ክረምቱን ያለ ኪራይ ሐሳብ ታድራለች።

ሲያልቅ ደብዳቤው ከሁለት ገጽ ተኩል ወርዶ ግማሽ ገጽ ሆነ። አነበበችው።

«እኔ እኮ የለሁበትም» አለች ቅር ብሏት።

«ለዚህ ነው የሚያነቡት።»

ከፊርማዋ በታች ግን አንድ ነገር እንድጨምር ለመነችኝ። ግልባጭ። መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ አይታለች፤ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ይፈራል። «ለማን?» ብላት፣ «ለነፍስ አባታቸው» አለች። ሳቄን ይዤ አልሆነም አልኳት። የንስሐ አባት ፊት የሚነገረው ቅዳሜ ማታ በጆሮ እንጂ በማኅተም አይደለም።

የምናደርስበትን ቀን ነሐሴ 16 አደረግነው። ጾም የፈታ ሰውና ጾም ላይ ያለ ሰው አንድ አይደሉም፤ ዶሮ ወጥ ያላግባባው አከራይና ተከራይ በሽምግልናም አይግባባ። ከሰዓት በኋላ ሄድን። ቡናው ተፈልቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አከራዩ በክብር ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ደግሞ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው የነፍስ አባታቸው። በዓል ነውና ጠበል ጻድቅ ሊቀምሱ መጥተዋል። ልጅቱ በክርኗ ጎሰመችኝ። ግልባጩ ራሱ ወንበር ይዞ ጠበቀን።

መነጽር የለኝም ብለው ደብዳቤውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። ልጁ ጮክ ብሎ፣ በትምህርት ቤት ዜማ «ጉ-ዳ-ዩ» ሲል ሰውየው «ጉዳዩስ ገብቶኛል፣ ቀጥል» አሉ። «በዚህ ደብዳቤ ባልተገለጸው መጠን» ላይ ሲደርስ ልጁ ቀና ብሎ «ስንት ነው?» ሲል ሁላችንም ስኒያችን ውስጥ አየን።

ብጣሿን ወረቀት እጄ ላይ አንብቤ ነገርኳቸው። ስለ ማዳበሪያው ስደርስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «21,000 በግንቦት?» አሉ ሁለት ጊዜ። 84ና 85ቱን ግን አልሰሙ እንደሆን እንጃ፤ ተቆልፎ ያለውን ክፍል ስጠቅስ ዓይናቸው ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር።

ክርክሩ ከማላስበው በኩል መጣ። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ረከቦቱን እያስተካከሉ «ኪራዩን ተዉት። የእኔ ነገር ቱቦው ነው» አሉ። ለካ ከፀጉር ቤቷ የሚወጣው ውኃ በእሳቸው ጓሮ ነው የሚያልፈው። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ፀጉራቸውን ቅቤ ነው የሚቀቡት፤ ቅቤው ሲታጠብ ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ተጠላልፎ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ባለፈው ጥር አንድ ቀን ሙሉ ቆፍረው ያወጡት፣ እትዬ እንደሚሉት፣ «የበግ ለምድ ያህል» ነበር። ዓመት ሙሉ ጭማሪ ሲያስብ የኖረው ልብ ግማሹ ይህ ኖሯል፤ ደብዳቤያችን ግን ስለ ቱቦ አንድ ቃል አልነበረበትም። ገንዳው ሥር ወንፊት ሊገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈላ ውኃ ሊታጠብ፣ ከተደፈነም ቆፋሪውን እሷ ልትከፍል እዚያው ቃል ገባች። የእትዬ ፊት ፈታ አለ። ስለ ሴራሚኩና በግድግዳው ውስጥ ስላለው ገመድም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ብትወጣ ማን ምን እንደሚወስድ እንዲጻፍ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው፤ በጨለመ ፊት ላይ አይነሳም።

ስምምነቱ ደረሰ። ወረቀት አውጥቼ ውሉን ለመጻፍ ተዘጋጀሁ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎረቤት፣ አንዱ ደግሞ የነፍስ አባት ሆኑ። «የወር ኪራይ ብር» ብዬ ቆምኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከሰሉ ብቻ ይንጣጣል።

አከራዩ ወደ ቄሱ አዩ። ቄሱ ወደ ጀበናው አዩ። አከራዩ «2...» ብለው ጀመሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግሞ «2...» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ትንፋሽ ወስደው «በቃ እውነቱን ጻፈው፤ 7,000 በል» አሉና ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም ለማጽናናት፣ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደብተር የማይዝ አከራይ ከኪራዩ ግማሹ በወጪ ተይዞለት ግብሩ በቀረው ላይ ብቻ እንደሚሰላ ነገርኳቸው። «ግማሹን?» አሉ ቀና ብለው። «ይህንን ለምን ቀድመህ አትነግረኝም?»

ልጅቱ ግልባጩን ቀና ብላ አየች። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሥራቸውን ጨርሰው ቆሎ እያቆረጠሙ ነበር።

ልንፈርም ስንል እትዬ «ቆዩ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። ልጃቸው በጥር ልታገባ ነው። «ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በነፃ ይሠሩ፤ እሱም ይጻፍ።» ጥር የፀጉር ቤት መኸር ነው፤ ባለ ሳሎኗ ፊት ላይ ሁለት ካስክ፣ አንድ ረዳትና ሙሉ ሌሊት ሲያልፍ አየሁ። «እሽ እትዬ» አለች መጨረሻ ላይ። እኔ ግን ውል ጸሐፊ ነኝ። «ሚዜ ስንት?» አልኩ።

«ሚዜ ምን ይቆጠራል? ሚዜ ነው እንጂ።»

«ቁጥር ከሌለው አይጸናም።»

ተማከሩ፣ ተከራከሩ፣ ሰባት ሆነ። «7» ብዬ ጽፌ ነጥቤን ላኖር ስል እትዬ ከጀበናው በላይ ጎንበስ አሉና «የአዲስ አበባ ዘመድ ሳይቆጠር» አሉ።